ቻትጂፒቲን ቴሲስ ላይ በኤፒኤ ሕግ እንዴት እንጠቅሰው?

ለቴሲሱ ቻትጂፒቲ የተጠቀመ ተማሪ ብዙ ጊዜ ወይ ጭራሽ አያነሳውም፣ ወይ ሪፈረንሱ ላይ ስሙን ጣል አድርጎ ያልፋል። ሁለቱም አያስኬዱም። ኤፒኤ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ ምን እንደሠራችሁበት መናገር፣ ሁለተኛ ከመልሱ የወሰዳችሁትን መጥቀስ። እነዚህን መለየት ከቻላችሁ ሌላው ቀላል ነው።

በእጅ በእጅ በቴሌግራም የሚዞረውን የኤፒኤ መጽሐፍ ሰባተኛ እትም ገልጣችሁ ብትፈልጉ ግን አንድ መስመር አታገኙም። መጽሐፉ የወጣው በ2019 ነው፣ ቻትጂፒቲ ደግሞ በኅዳር 2022 መጨረሻ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች ናቸው።) የኤፒኤ መመሪያ በድረ ገጹ ላይ የወጣው በሚያዝያ 2023 ሲሆን በ2025 ተሻሽሏል። ስለዚህ የምትከተሉት ድረ ገጹን ነው። ከዚያ በፊት ግን አማካሪያችሁን ጠይቁ። ዲፓርትመንቱ ከከለከለ ወይም የራሱ ፎርም ካለው፣ የሱ ሕግ ይቀድማል።

በምሳሌ እንየው። እንጅባራ ላይ ማስተርሷን የምትሠራ አንዲት ተማሪ እናስብ። ርዕሷ ፋግታ ለኮማ ውስጥ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክለው፣ አክስለው የሚሸጡ ገበሬዎች ገቢ ነው። ቻትጂፒቲን ለሦስት ነገር ተጠቀመች። የቃለ መጠይቅ ጥያቄዎች አስወጣች፣ አራቱን አሻሽላ ወሰደች። የጻፈችውን እንግሊዝኛ ሰዋስው አሳረመች። በመጨረሻም ስለ ዲከረንስና ስለ አሲዳማ አፈር የተሠሩ ጥናቶችን ዘርዝርልኝ አለችው።

መጀመሪያ፦ የዚያኑ ቀን መዝግቡ

የጠየቃችሁትን ጥያቄ ቃል በቃል፣ የመጣውን መልስ በሙሉ፣ ቀኑን፣ የሞዴሉን ስም። አራቱን አንድ የወርድ ፋይል ላይ ለጥፉ። ነገ እዚያው ጥያቄ ላይ ሌላ መልስ ሊመጣ ስለሚችል ነገ አደርገዋለሁ አይባልም። Share የሚለውን ተጭናችሁ ሊንኩንም ያዙ፤ ውይይቱን ካጠፋችሁት ግን ሊንኩም አይሠራም። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ደግሞ ውስጡን እዩት። የገበሬ ስም፣ ጎጥ ወይም ስልክ ቁጥር ካለበት ለማንም አይሰጥም። እንዲያውም ከመጀመሪያው መግባት አልነበረበትም፣ ሰዎቹ ቃላቸውን የሰጡት አምነዋችሁ ነውና።

ሦስቱን ለዩ

ጥያቄዎቹ ከመልሱ የተወሰዱ ናቸው፣ ስለዚህ ይጠቀሳሉ፣ አጠቃቀሙም ይገለጻል። ሰዋስው ማሳረሙ ይገለጻል እንጂ ከዚያ የተወሰደ ሐሳብ ስለሌለ በየአረፍተ ነገሩ አይጠቀስም።

ትልቁ ጣጣ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። የጥናት ዝርዝር ስትጠይቁት የሌለ ጽሑፍ ፈጥሮ ሊሰጣችሁ ይችላል፣ ያውም አምሮበት። የጸሐፊው ስም እውነተኛ ነው፣ ጆርናሉም አለ፣ ቅጽና ገጽም ተሞልቷል፣ ጽሑፉ ብቻ የለም። የምትለዩት እንዲህ ነው፦ ዲኦአይ ካለው doi.org ላይ አስገቡት፤ ካልተከፈተ ወይም ስለ ሌላ ነገር የተጻፈ ጥናት ከከፈተ ጣሉት። ዲኦአይ ከሌለው ርዕሱን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ጉግል ስኮላር ላይ ፈልጉ። ከዚያም ጆርናሉ ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ በተባለው ቅጽና ገጽ ምን እንዳለ እዩ። ጽሑፉ ካለ አውርዳችሁ አንብቡት፣ የምትጠቅሱትም እሱን ነው። ቻትጂፒቲ ስለ አሲዳማ አፈር የነገራችሁን ቻትጂፒቲን ጠቅሳችሁ ብትጽፉ ፈታኙ «ምንጩ የት አለ?» ይላችኋል፣ ልክም ነው።

ሪፈረንሱ

ውይይቱ የሚከፈት ሊንክ ካለው እንዲህ ይጻፋል (በሦስቱ ነጥቦች ቦታ የራሳችሁ ሊንክ ይገባል)፦

```
OpenAI. (2025, February 21). Interview questions
on Acacia decurrens charcoal [Generative AI chat].
ChatGPT. https://chatgpt.com/share/...
```

ሊንክ ከሌለ መሣሪያው በጥቅሉ ይጠቀሳል፦

```
OpenAI. (2025). ChatGPT [Large language model].
https://chatgpt.com/
```

የመጀመሪያው ላይ የውይይቱ ርዕስ፣ ሁለተኛው ላይ የመሣሪያው ስም ዘመም ባለ ፊደል ይሆናል። ጸሐፊ ሆኖ የሚገባው ድርጅቱ ነው። እንደ ግል ንግግር ቆጥረን ጽሑፉ ውስጥ ብቻ እንጥቀሰው የሚሉ አሉ፤ ኤፒኤ ይህን አልተቀበለውም፣ ምክንያቱም ከመልሱ ጀርባ የተናገረ ሰው የለም። ጽሑፉ ውስጥ ስትጠቅሱም `(OpenAI, 2025)` ነው። `(ChatGPT, 2025)` ካላችሁ ሪፈረንሱ ውስጥ በዚያ ስም የሚጀምር መስመር አይገኝም።

እኛ አገር አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፤ ዘመን አቆጣጠር። ተማሪዋ ማስታወሻዋ ላይ «የካቲት 14፣ 2017» ብላ ይዛለች። ያው ፌብሩዋሪ 21፣ 2025 ማለት ነው። ሳትቀይረው `(OpenAI, 2017)` ብላ ብትጽፍ ቻትጂፒቲ ከመፈጠሩ አምስት ዓመት በፊት ተጠቀምኩበት ማለቷ ነው። ፈታኝ ይህን ካየ ሌላውንም ሪፈረንስ በጥርጣሬ ነው የሚያነበው።

አጠቃቀሙን መግለጽ

ቦታው ሜትዶሎጂ ምዕራፍ ነው፣ ሜትዶሎጂ የሌለው ጽሑፍ ከሆነ መግቢያው ላይ። ምስጋና ገጽ ላይ መደበቅ አይሆንም። «ኤአይ ለድጋፍ ተጠቅሜያለሁ» ማለትም ለአንባቢ ምንም አይነግረውም። ለምን፣ በየትኛው ክፍል፣ ከዚያ በኋላ እናንተ ምን አደረጋችሁ የሚለው መታየት አለበት። ተማሪዋ የጻፈችው ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦

«የቃለ መጠይቁን ጥያቄዎች ለማዘጋጀት ቻትጂፒቲን (ኦፕንኤአይ፣ 2025) ተጠቅሜያለሁ። ያቀረብኩለት ጥያቄ ከሰል እያመረቱ ስለሚሸጡ ገበሬዎች ገቢ የሚጠየቁ 12 ጥያቄዎች እንዲያዘጋጅ ነበር። ከመጡት ውስጥ አራቱን ለአካባቢው እንዲስማሙ አሻሽዬ፣ በሦስት ገበሬዎች ላይ ሞክሬ ወስጃለሁ። ሙሉ መልሱ አባሪ ሀ ላይ ይገኛል። የምዕራፍ ሁለትንና የአራትን እንግሊዝኛ ሰዋስው ለማረምም ተጠቅሜበታለሁ፤ እርማቱን እያንዳንዱን አይቼ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። መረጃ አልተነተነልኝም።»

የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር በጣም እወዳታለሁ። ያልተሠራበትን መናገር ፈታኙ ሊጠረጥር የሚችለውን ቀድሞ ይመልሳል። እውነት ካልሆነ ግን አትጻፉት። ትንታኔውንም ካሠራችሁት የትኛውን ክፍል እንደሆነና ራሳችሁ እንዴት እንዳረጋገጣችሁት ጻፉ።

አባሪው ላይ ጥያቄያችሁንና መልሱን ሳትነኩ፣ ከነስህተቱ አስገቡ። ስክሪንሹት ከመለጠፍ ጽሑፉን ኮፒ ማድረግ ይሻላል፤ ታትሞ ሲወጣ ይነበባል።

ከማስረከባችሁ በፊት Ctrl+F ተጭናችሁ OpenAI ብላችሁ ፈልጉ። ጽሑፉ ውስጥ ያለው ዓመት ሪፈረንሱ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? አባሪ ሀ ያላችሁት በእርግጥ አባሪ ሀ ነው? ሊንኩንም ከራሳችሁ አካውንት ወጥታችሁ፣ ወይም በጓደኛ ስልክ ክፈቱት። ለእናንተ ብቻ የሚከፈት ሊንክ ሪፈረንስ ላይ አይገባም፣ ያኔ ሁለተኛውን አጻጻፍ ተጠቀሙ።