ከአልበም ፎቶ ላይ አንድ እንግዳ እንዲቆረጥ ለፎቶግራፍ አንሺ እንዴት ይጻፋል?

የሠርግ አልበምሽ ረቂቅ ደርሶሻል እንበል። ከሁሉም የወደድሽው ፎቶ ጠርዝ ላይ፣ ከኋላ ርቆ የቆመ አንድ እንግዳ ገብቷል። «ያንን ሰውዬ አጥፋልኝ» ብሎ መላክ ይቻላል፤ ግን ፎቶግራፍ አንሺው የትኛው ፎቶ፣ የትኛው ሰውዬ፣ እንዴት ይጥፋ እያለ መልሶ ይጠይቅሻል፤ ወይም ሳይጠይቅ በራሱ ግምት ይሠራዋል። ሁለተኛው ይብሳል።

መጀመሪያ መቁረጥና ማጥፋትን ለዪ። መቁረጥ ማለት የፎቶውን ጠርዝ መቀነስ ነው፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ማጥፋት ግን ሰውዬው የቆመበትን ቦታ በግድግዳ ወይም በሣር መሙላት ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል፣ ተጨማሪ ክፍያም ሊያስጠይቅ ይችላል። የትኛው እንደሚያስፈልግሽ ለማወቅ ፎቶውን ስክሪን ላይ ክፈቺና የወረቀት ጠርዝ በእንግዳውና በእናንተ መካከል ቀጥ አድርገሽ አቁሚ። ወረቀቱ እንግዳውን ሸፍኖ የማንንም ክንድ ካልነካ መቁረጥ ይበቃል። እንግዳው በሁለት ሚዜዎች መካከል ከታየ ግን መቁረጥ አያወጣውም፤ ጥያቄሽ ማጥፋት መሆኑን በግልጽ ጻፊ።

አሁን ብዙ ሙሽሮች የማያስቡት ነገር ይመጣል። ፎቶ ከአንድ ጎን ሲቆረጥ ከጎን ብቻ አይቀንስም። የአብዛኞቹ የሙያ ካሜራዎች ፎቶ ስፋቱ 3 ቢሆን ቁመቱ 2 ነው፤ የአልበሙ ቦታም ለዚያ ልክ ከተዘጋጀ ቅርጹ መጠበቅ አለበት። ለምሳሌ ፎቶው 6000 በ4000 ፒክስል ሆኖ እንግዳው የቀኙን አንድ አምስተኛ ቢይዝ፣ ከስፋቱ 1200 ይሄዳል። ቅርጹ እንዲጠበቅ ደግሞ ከቁመቱ 800 አብሮ መሄድ አለበት። ያ 800 ከየት ይነሳ? ካልነገርሽው ከታች ሊነሳ ይችላል፤ ያኔ መሬት ላይ የተዘረጋው የቬሎሽ ጫፍ ተቆርጦ ታገኚዋለሽ። ከላይ ይነሳ ብትይና ከራስሽ በላይ ቦታ ከሌለ ደግሞ አክሊልሽ ከጠርዙ ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ የፎቶውን ቅጂ በስልክሽ ማስተካከያ ክፈቺ፣ የመቁረጫውን ልክ 3:2 ላይ ቆልፊና ራስሽ ሞክሪው። ምን እንደሚቀር በዓይንሽ ካየሽ በኋላ ጻፊለት። የሞከርሽውን ፋይል ግን ለሕትመት አትላኪ፤ በቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከ ምስል ይጨመቃል። እሱ ከዋናው ፋይል ይቁረጠው።

ጥራቱስ? ከላይ ካለው ምሳሌ 4800 በ3200 ይቀራል። 30 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በጥሩ ጥራት ለማተም ወደ 3540 በ2360 ፒክስል ይበቃል፤ ስለዚህ ችግር የለም። ፎቶው ሁለት ገጽ ላይ የተዘረጋ ከሆነ ግን በቂ ላይሆን ይችላል። በዚያ ላይ ከቀኝ ሲቆረጥ መሐሉ ስለሚቀየር የአንዳችሁ ፊት የገጹ እጥፋት ላይ ሊያርፍ ይችላል።

መልእክቱን በድምፅ አትላኪ። የፎቶ ቁጥር በድምፅ ሲነገር በቀላሉ ይሳሳታል፣ ሥራው ላይ ሆኖም ተመልሶ ማየት አይችልም። እንዲህ ብትጽፊ ይበቃል፦

«ሰላም፣ እንደምን አለህ? የአልበሙን ረቂቅ አይቼ በጣም ወድጄዋለሁ። ገጽ 14 ላይ ያለው DSC_0482 ብቻ ማስተካከያ ይፈልጋል። ፎቶውን ለሚያየው ሰው በቀኝ በኩል፣ ከኋላ በሩ አጠገብ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ እንግዳ አለ፤ በስክሪንሾቱ ላይ አክብቤዋለሁ። ከቀኝ ቆርጠህ አውጣልኝ። ቁመቱ ከላይ ከጣሪያው በኩል ይቀንስ፤ የቬሎዬ ጫፍ እንዳይነካ አደራ። ለውጡ ለአልበሙ ብቻ ስለሆነ ዋናውን ፋይል እንዳለ አቆይልኝ። ከመታተሙ በፊት ገጹን ብታሳየኝ ደስ ይለኛል። አመሰግናለሁ።»

«ፎቶውን ለሚያየው ሰው» የሚለውን አትተዪው። የአንቺ ቀኝና የተመልካቹ ቀኝ ተቃራኒ ናቸው፤ ሳይገለጽ ሲቀር ከግራ ያለችው አክስት ተቆርጣ እንግዳው ይቀራል። እንግዳው ለምን እንዲወጣ እንደፈለግሽ ግን አትጻፊ፤ ለሥራው አይጠቅምም፣ መልእክቱም ወደ ሌላ ሰው ሊተላለፍ ይችላል።

የተስተካከለው ገጽ ሲመጣ አጉልተሽ የተቆረጠውን ጠርዝ ከላይ እስከ ታች እዪው። የሚቀረው ብዙ ጊዜ የክርን ጫፍ፣ ጫማ ወይም መሬት ላይ የወደቀ ጥላ ነው። በማተሚያ ቤት ጠርዙ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሚከረከም ፊትና እጅ ከጠርዙ ራቅ ማለታቸውንም አረጋግጪ። ከዚያ «ገጽ 14 ይታተም» ብለሽ በጽሑፍ መልሺለት።