ፀጉሬ በእፍኝ ይረግፋል፤ ልጄ አራት ወር ሊሞላት ነው

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። ጥር አጋማሽ ላይ አንዲት ደንበኛዬ ልጇን አዝላ፣ እናቷን አስከትላ ገባች። በእጇ ፌስታል ይዛለች። ውስጡ ያለው ፀጉር ነው።

«አቦ፣ ተመልከቺው! የሦስት ቀን ነው» አለችኝ።

እናትየዋ ቀበል አድርጋ «ዓይን ነው። የክርስትናው ቀን ያላያት ሰው የለም» አለች። ደንበኛዬ ግን የምታማርረው ሹሩባውን ነው። መስከረም 20 ወለደች። ታህሳስ 10 ሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሞላት፣ ክርስትና ተነሳች። ለዚያ ቀን ለደንበኛዬ ቀጭን ሹሩባ ከግንባሯ ጀምሮ ጥብቅ ተደርጎ ተሠራላት። ከቁልቢ ወዲህ ፀጉሯ ይራገፍ ጀመር።

ሁለቱንም አልተቃወምኩም። ነጠላዬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ከፌስታሉ ሃያ ፀጉር ቆጠርኩ። ቤትሽ ሆነሽ ልትሞክሪው የምትችይው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው፤ ለጥቁር ፀጉር ደማቅ ነጭ ጨርቅ ይበቃል። የእያንዳንዱን ጫፍ እይ። አንደኛው ጫፍ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ካለ፣ ፀጉሩ የረገፈው ከራስ ቆዳሽ ነው። ነጥብ ከሌለውና አጠር ያለ ከሆነ፣ መሃል ላይ ተሰብሮ ነው የወደቀው። ከሃያው አሥራ አራቱ ነጭ ነጥብ ነበራቸው። ስድስቱ ስብርባሪ ናቸው። ስለዚህ ደንበኛዬ አንድ ችግር ሳይሆን ሁለት ነበረባት፤ መፍትሄያቸውም አንድ አይደለም።

«ስታበጥሪ፣ ስትታጠቢ ከነሥሩ ይወጣል»

ነጩን ነጥብ ያየች ሁሉ ትደነግጣለች። «ከነሥሩ ተነቀለ፣ ከእንግዲህ አይበቅልም» ትላለች። ነጥቡ ግን ሥሩ አይደለም። ዕድሜውን የጨረሰ ፀጉር የታችኛው ጫፍ ነው። ፀጉር የሚያበቅለው ጉድጓድ ራስ ቆዳሽ ውስጥ እንዳለ ይቀራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ፀጉር የራሱ ዕድሜ አለው። ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፣ ከዚያ ማደጉን አቁሞ 3 ወር ገደማ ያርፋል፣ በመጨረሻ ይወድቃል። በደህናው ጊዜ የሚያርፈው ጥቂቱ ስለሆነ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢወድቅም ልብ አንለውም። በእርግዝና ወቅት ግን ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ከፍ ስለሚል፣ መውደቅ የነበረበት ፀጉር ሳይወድቅ ይቆያል። ነፍሰ ጡር ሆነሽ «ፀጉርሽ እንዴት አማረበት!» ያሉሽ ለዚህ ነው። ስትወልጂ ሆርሞኑ በአንዴ ዝቅ ይላል። ያ ሁሉ የተጠራቀመ ፀጉር አብሮ ወደ ዕረፍት ይገባል፣ ከወራት በኋላም አብሮ ይወድቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውይ። ዛሬ እጅሽ ላይ የቀረው ፀጉር ማደጉን ያቆመው ከሦስት ወር ገደማ በፊት ነው። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት የቀየርሽው ሻምፖ፣ ትናንት የታጠብሽበት የድሬ ውሃ ወይም ማጥባትሽ አይደለም ያረገፈው። «ጡት አቁሚ፣ ፀጉርሽ ይመለሳል» የሚል ምክር ከሰማሽ በአንድ ጆሮሽ ሰምተሽ በሌላው አውጪው። ደንበኛዬ የወለደችውን መስከረም 20 ብለን ስንቆጥር፣ ታህሳስ መጨረሻ ላይ መጀመሩ ልክ በሰዓቱ ነው። አብዛኞቹ እናቶች ላይ ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ አራተኛው ወር አካባቢ ይብሳል፣ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ ልጁ ዓመት ሳይሞላው ይቆማል።

መፍትሄውስ? ለዚህኛው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ የሚያስቆመው ነገር የለም። ጊዜው ነው። ለጋ ቅቤ ፀጉር ያለሰልሳል እንጂ መርገፉን አይከለክልም። የሶማሌ እናቶች የሚታጠቡበት ቃሲልም ራስ ቆዳን ደህና አድርጎ ያጸዳል፣ ከዚያ አያልፍም። ከፋርማሲ የሚሸጠው የፀጉር ቫይታሚንም እጥረት ለሌላት ሴት ለውጥ አያመጣም። በተለይ ባዮቲን ያለበትን እየወሰድሽ ደም ልትመረመሪ ከሄድሽ ለሐኪሙ ንገሪው፤ የታይሮይድ ምርመራን ውጤት ያሳስታል። ራስ ላይ የሚቀባውን ሚኖክሲዲልንም እያጠባሽ ሐኪም ሳታማክሪ አትጀምሪ።

ፀጉር እንዳይወድቅ ብለው ለሁለት ሳምንት ሳይታጠቡ የሚቆዩም አሉ። ያ ፀጉር ይጠራቀምና በታጠቡ ቀን አንድ ላይ ሲወጣ ይብስ ያስደነግጣል። በሳምንት አንዴ ታጠቢ።

«ፊት ለፊት ሳሳ፣ ጫፉ ተቆራረጠ»

ስድስቱ ስብርባሪ የመጡት ከሌላ ቦታ ነው። የደንበኛዬን ፀጉር ወደ ኋላ ስሰበስብ ከጆሮዋ በላይ፣ ግንባሯ ዳር ላይ አጫጭር ፀጉሮች ቆመዋል። ሹሩባው የተጀመረበት መስመር ላይ ቆዳዋ ብጉር ብጉር ብሏል። ይኼ የሹሩባው ሥራ ነው። በዚያ ላይ ሪላክሰር ከተቀባች ዓመት አልፏታል፤ ማርገዟን ስታውቅ ነው ያቆመችው። አሥራ አራት ሳንቲሜትር ገደማ የሚሆን የተፈጥሮ ፀጉር አብቅላለች፣ ከዚያ በታች ያለው ደግሞ ቀጥ ያለ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ደካማ ስለሆነ ማበጠሪያ ሲነካው ይበጠሳል። ውሃችንም እዚህ ላይ ድርሻ አለው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ያንን ነጭ ቅርፊት የሚያስቀረው ውሃ ፀጉርንም ያሻክራል።

ስብራት ግን እንደ መርገፉ አይደለም፣ ወዲያው የሚቀንሱት ነገር ነው። ሹሩባውን ካልተውሽ ወፍራም አድርገሽ አራት ወይም ስድስት ብቻ አሠሪ። ከግንባር ዳር ሁለት ጣት ያህል ለቀሽ ይጀመር፣ ከሁለት ሳምንትም አይለፍ። ተሠርተሽ ስትነሺ ቅንድብሽን የሚስብ ወይም ማታ ትራስ ላይ የሚያምሽ ከሆነ ጠብቋል፣ ይፈታ። «ያምራል፣ ቻዪው» ለምትልሽ ሠሪ እሺ አትበያት። ስታበጥሪ ኮንዲሽነር ቀብተሽ፣ እርጥብ እንዳለ፣ በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ ከጫፍ ወደ ላይ ሂጂ።

የትኛው አቆራረጥ?

እናትየዋ «ላጫትና እንገላገል፣ ወፍሮ ይበቅላል» አለች። መላጨት ሥሩን አይነካውም። ሲበቅል የሚወፍር የሚመስለው የተቆረጠው ጫፍ ደንዳና ስለሆነ ነው። መቁረጥም መርገፉን አይቀንስም። የሚቀንሰው ድካምሽን ነው፤ ማበጠሪያ ላይ የሚቆየውን ጊዜ፣ ትራስ ላይ የሚታየውን ክምር፣ ሕፃኗ ጨብጣ የምትጎትተውን።

ለደንበኛዬ ሁለት ምርጫ ሰጠኋት። አንደኛው፣ ሪላክሰር ያለበትን በሙሉ ቆርጦ በተፈጥሮ ፀጉሯ መቆየት። ስብራቱ በአንዴ ያልቃል፣ ካስክ ሥር መቀመጥም አይኖርም። ግን አጭር ነው፣ ባትወጂው ቶሎ አይመለስም፤ ፀጉር በወር አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ሁለተኛው፣ ከትከሻ ሁለት ጣት ዝቅ አድርጎ እኩል መቁረጥና ጫፉን በየሁለት ወሩ እየቀነሱ መሄድ። ሁለተኛውን መረጠች። ወገቧ ላይ የሚደርስ ፀጉር ለለመደች ሴት ይገባኛል።

እኔ የምጠነቀቀው ስለ ሦስት ነገር ነው። ለሳሳ ፀጉር ደረጃ ደረጃ አድርጌ አልቆርጥም፤ ጫፉን ይበልጥ ያሳሳዋል። ወጥ መስመር ሲሆን የሞላ ይመስላል። ግንባር ላይ የሚወርድ ፀጉርም አላወጣም። ያንን የምታወጪው ከፊት ካለው ፀጉር ነው፣ የሳሳው ደግሞ እሱ ነው፤ በዚያ ላይ በድሬ ሙቀት ግንባር ላይ ተጣብቆ ይውላል። ሦስተኛው፣ ሳይታሰርም ሳይቆምም የሚቀር ርዝመት አለ፣ አገጭ አካባቢ። ጎንበስ ብለሽ ስታጠቢ ዓይንሽ ውስጥ ይገባል። ወይ በላስቲክ በአንዴ የሚያዝ ይሁን፣ ወይ ጭራሽ ይጠር።

መከፈያዋን ከመሃል ወደ ጎን አዛወርኩት። የሳሳው ቦታ በዚያ ብቻ ግማሽ ተሸፈነ። ሥራው ካስክ የሌለበት፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ሕፃኗ አንዴ ብቻ አለቀሰች።

ስትወጣ የልጅቷን ካልሲ አስወለቅኳት። ምን ሆነች ብለው አዩኝ። የረገፈ ፀጉር ካልሲ ውስጥ ይገባና የሕፃን እግር ጣት ላይ ይጠመጠማል፣ ደም እስኪያቆም ያጠብቃል። ሕፃን ያለምክንያት እሪ ብሎ አልረጋ ካለ ጣቶቹን አንድ በአንድ እይ፤ ወንድ ከሆነ ብልቱንም። ቀልቶ ያበጠና መስመር የሠራ ጣት ካየሽ፣ ፀጉሩን በቀላሉ ካላገኘሽው እቤት አትታገዪ፣ ወዲያው ጤና ጣቢያ። ካልሲ ገልብጠሽ እጠቢ፣ ማታም ፀጉርሽን በሻሽ ጠቅልይ።

«ዓመት አለፈኝ፣ አልቆመም»

ይኼ የእኔ ሥራ አይደለም፣ የሐኪም ነው። ከዓመት በላይ ከቆየ፣ ወይም ከመርገፉ ጋር ሌላ ነገር ከመጣ ምርመራ ያስፈልጋል። ደረጃ ስትወጪ የሚያለከልክሽ፣ የሚያዞርሽ፣ ስትወልጂ ብዙ ደም የፈሰሰሽ ከሆነ የደም ማነስና የብረት ክምችት ይታይልሽ። ክኒኑን በግምት አትጀምሪ። ምስርና ሥጋ እየበላሽ ቡናና ሻይ ወዲያው ከምግቡ ጋር የምትጠጪ ከሆነ ግን ሰዓት አራርቂው፤ ብረቱ እንዳይዋሃድ ያደርጋሉ። ልብሽ በኃይል የሚመታ፣ ያለምክንያት የከሳሽ ወይም የወፈርሽ፣ ሰው ሲሞቀው አንቺን የሚበርድሽ ከሆነ ታይሮይድ ተመርመሪ። ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ይኼ እጢ ሊታወክ ይችላል። ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ ወይም የሚያሳክክ ቅርፊት ካለሽ ደግሞ ዓመት አትጠብቂ። እሱ ከወሊድ የመጣ መርገፍ አይደለም።

ደንበኛዬ እዚህ አልደረሰችም። ሚያዝያ ላይ ጫፍ ልታስተካክል ስትመጣ ፌስታል አልያዘችም። ሰኔ ላይ ግንባሯ ዳር አራት ሳንቲሜትር የሚሆን አዲስ ፀጉር እንደ ብሩሽ ቆሟል። «እሱን ሪላክሰር ቀቢልኝና ይተኛ» አለችኝ። አልቀባም አልኳት። ትንሽ ኮንዲሽነር በጣቴ አስነክቼ በሻሽ አሰርኩላት፣ አኩርፋ ወጣች።