የቀረጻ ሰዓት ሲያጥር ታሪኩ እንዳይጎድል፦ የሬዲዮ ድራማ መስመሮችን በደረጃ መለየት

ስቱዲዮው የተያዘው ለሦስት ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት እንዳለፈ መብራት ይጠፋል። ወይም የዋናዋ ተዋናይ ድምፅ ይሻክራል። ወይም ቀጣዩ ተረኛ በር ላይ ቆሟል። ስክሪፕቱ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በቅደም ተከተል ሲቀረጽ ከነበረ ሳይቀረጽ የቀረው መጨረሻው ነው፤ አድማጭ ሳምንቱን ሙሉ ሲጠብቀው የነበረው ክፍል ማለት ነው።

ይህን ለማስቀረት እያንዳንዱ መስመር ወደ ስቱዲዮ ከመገባቱ በፊት ደረጃ ይሰጠዋል። ሦስት ደረጃ ይበቃል። «ሀ» ማለት ከሌለ አድማጭ ታሪኩን የማይከተልበት መስመር ነው። «ለ» ከሌለ ታሪኩ ይገባል፣ ትዕይንቱ ግን ይሳሳል። «ሐ» ለማጣፈጫ የገባ ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል። ችግሩ የሚታየው ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ከዚህ በታች በብዛት የሚያጋጥሙትን ከምልክታቸው ተነስተን እናያለን።

ለምሳሌ የሚሆነን አንድ የ15 ደቂቃ ክፍል እንውሰድ። 96 መስመር አለው። ሰናይት የምትኖርበት የወላጆቿ ቤት ካርታ ጠፍቷል። ታላቅ ወንድሟ ዳዊት ለባንክ አስይዞታል። ክፍሉ የሚያልቀው እሱ ይህን ሲያምን ነው።

ምልክት፦ ሁሉም መስመር «ሀ» ሆነ

ደራሲው ስክሪፕቱን ምልክት አድርጎ ሲመልስ ከ96ቱ 71 «ሀ» ሆነው ተገኙ እንበል። ይህ ደረጃ አልተሰጠም ከማለት አይለይም።

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ደራሲው የመዘነው የመስመሩን ውበት ነው። «ይህ መስመር ጥሩ ነው?» ብሎ ከጠየቀ ሁሉም ጥሩ ነው፤ ባይሆን ኖሮ አይጽፈውም ነበር። ሊጠየቅ የሚገባው «ይህ ባይኖር ከዚህ በኋላ የሚመጣው የትኛው ነገር አይገባም?» የሚለው ነው። መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ መስመሩ የቱንም ያህል ቢያምር «ሀ» አይደለም።

መፍትሄው ጣሪያ ማበጀት ነው። የ«ሀ» መስመሮች በሙሉ ከተያዘው ሰዓት በግማሹ ውስጥ ማለቅ አለባቸው። ቡድናችሁ በሰዓት ስንት መስመር እንደሚቀርጽ ካለፈው ቀረጻ ቁጠሩ። ስህተት፣ ድጋሚ ቴክና የዳይሬክተር ማብራሪያ ሁሉ ተጨምሮ በሰዓት 35 መስመር ከሆነ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል 52 ገደማ ይቀረጻል። ስለዚህ ከ52 በላይ «ሀ» አይፈቀድም። ከ71 ወደ 52 መውረድ ያጨቃጭቃል። ጭቅጭቁ ግን ጠረጴዛ ላይ ይለቅ፤ ስቱዲዮ ውስጥ እያንዳንዱ ደቂቃ ይከፈልበታል።

ምልክት፦ «ሀ»ዎቹ ብቻ ሲነበቡ ታሪኩ ግራ ያጋባል

ቁጥሩ ልክ ሆነ። ግን ታሪኩን የማያውቅ ሰው «ሀ»ዎቹን ብቻ ሲሰማ መሐል ላይ «ቆይ፣ ማነው ያየው?» ይላል። ከሁሉም የከፋው ችግር ይህ ነው፤ ወረቀት ላይ አይታይም፣ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ኤዲቲንግ ላይ ነው። ወደ መስመሮቹ ቀረብ ብለን እንየው። ሁለተኛው ትዕይንት ላይ እንዲህ ይላል፦

14 ሰናይት፦ አባባ ታደሰ፣ ዛሬ ማን መጣ?
15 ታደሰ፦ ከባንክ ነን ያሉ ሁለት ሰዎች። ቤቱን ፎቶ አንስተው ሄዱ።
16 ሰናይት፦ ፎቶ? ለምን?
17 ታደሰ፦ እኔ ምን አውቄ ልጄ። ወንድምሽ ዳዊት ግን አብሯቸው ነበር።

አምስተኛው ትዕይንት ላይ ደግሞ፦

58 ሰናይት፦ ጋሼ፣ ካርታው የት ነው?
59 ዳዊት፦ የትኛው ካርታ?
60 ሰናይት፦ ዳዊት! አባባ ታደሰ አይተውሃል።
61 ዳዊት፦ አስይዤዋለሁ። ለባንክ።

ደራሲው ከ58 እስከ 61 ያሉትን «ሀ» አላቸው። ጥበቃው ታደሰ ትንሽ ሚና ስለሆነ መስመር 17ን «ለ» አደረገው። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። መስመር 17 ከሌለ መስመር 60 ተንጠልጥሎ ይቀራል። ታደሰ ምን አይቶ ነው?

ምክንያቱ ደረጃው ከፊት ወደ ኋላ መሰጠቱ ነው። ከፊት ስትነሱ አንድ መስመር በኋላ ለምን እንደሚያስፈልግ አታዩም። መፍትሄው ከመጨረሻው መጀመር ነው። 61ን «ሀ» በሉ። ከዚያ «ይህን ለመረዳት አድማጭ ምን ማወቅ አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ። ያስያዘው ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት፤ ያ ያለው 58 ላይ ነው። ለምን በአንዴ እንዳመነ ማወቅ አለበት፤ ያ 60 ነው። 60 ደግሞ 17ን ይፈልጋል። 17 ላይ «አብሯቸው» የተባሉት እነማን ናቸው? 15 ላይ አሉ። ስለዚህ 15 እና 17 የግድ «ሀ» ናቸው። 14 እና 16 ወደ «ለ» ሊወርዱ ይችላሉ፤ ታደሰ ሳይጠየቅም ይህን ሊነግራት ይችላል። 17 ላይ ያለው «እኔ ምን አውቄ ልጄ» ግን ለ16 የተሰጠ መልስ ነው። 16 ከቀረ እሱም መቅረት አለበት። ስለዚህ ታደሰ ከ«ወንድምሽ» በፊት ትንፋሽ እንዲወስድ አስቀድማችሁ ንገሩት። ካልሆነ ኤዲተሩ የሚቆርጥበት ቦታ አያገኝም።

59 እንዴት ነው? ከመልክ አንጻር ከሁሉም የሚያስፈልግ ይመስላል፤ ጥያቄውን ይሸሻል፣ ባሕርዩን ያሳያል። ቢወጣ ግን ሰናይት 58ን ብላ ዝም ትላለች፣ ዳዊት አይመልስም፣ ከዚያ 60ን ትናገራለች። ዝምታው የመስመሩን ሥራ ይሠራል። 59 «ለ» ነው።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሰናይት ወንድሟን የምትጠራው «ጋሼ» ብላ ነው። መስመር 60 ላይ «ዳዊት!» ትለዋለች፤ ያ ጥሪ ብቻውን አክብሮቷ መጥፋቱን ይናገራል። አንደኛው ትዕይንት ላይ ግን «እማዬ፣ ጋሼ መጣ!» የምትልባቸው የሰላምታ መስመሮች በሙሉ «ሐ» ተብለዋል። ሁሉም ከወጡ አድማጭ እንዴት እንደምትጠራው አይለምድም፤ 60 ላይ ስሙን ስትጠራም ምንም አይሰማውም። ከሰላምታዎቹ አንዱ «ሀ» መሆን አለበት፤ አንድ ይበቃል። ምስል የሌለው ድራማ ዝምድናን የሚነግረው በአጠራር ስለሆነ፣ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እትዬ፣ ጋሼ የሚለወጡበትን ቦታ ሁሉ ለይታችሁ አስምሩበት።

ሲጨርሱ መፈተሻው ቀላል ነው። «ሀ»ዎቹን ብቻ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አንብቡለት፤ ከዚያ እሱ መልሶ ይተርክላችሁ። «ገባህ?» ብሎ መጠየቅ አይረዳም፤ ሰው በይሉኝታ «አዎ» ይላል።

ምልክት፦ ደረጃው ልክ ነው፣ ትወናው ግን ተበላሸ

«ሀ»ዎቹን ሁሉ በተከታታይ፣ ከዚያ «ለ»ዎቹን ለመቅረጽ ስትሞክሩ ተዋናይዋ ስሜቷ ይቆራረጣል። 58ን በቁጣ ብላ በቀጥታ ወደ ሌላ ትዕይንት ስትዘል ሁሉም መስመር አንድ ዓይነት ድምፅ ይይዛል። ምክንያቱ ደረጃው የቀረጻ ቅደም ተከተል ተደርጎ መወሰዱ ነው።

በትዕይንት ሥሩ። መጀመሪያ «ሀ» የበዛባቸውን ትዕይንቶች ቅረጹ፤ በትዕይንቱ ውስጥ ግን የስክሪፕቱን ተራ ጠብቁ። «ለ»ዎቹም በዚያው ይቀረጹ፤ «ሐ»ዎቹን ዝለሉ። በእኛ ምሳሌ አምስተኛው ትዕይንት መጀመሪያ፣ ሁለተኛው ቀጥሎ፣ ከአንደኛው ያቺ የተመረጠችው ሰላምታ ሦስተኛ ይሆናል። የሚዘለለውን መስመር ዳይሬክተሩ ከማይክ ውጭ ያንብበው፤ ተዋናይዋ መልስ የምትሰጠው ለሰው ነው።

ለጩኸት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ድምፅ የሚያደክሙ መስመሮች መጨረሻ ላይ ይቀመጣሉ የሚለው የተለመደ ምክር ነው፤ ልክም ነው። ግን 60 ጩኸትም «ሀ»ም ነው። መጨረሻ ላይ ካስቀመጣችሁት ሰዓቱ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው። እኔ ይህን ብቻ ከትዕይንቱ ተራ አውጥቼ የማስቀምጠው የዚያች ተዋናይ ረጋ ያሉ «ሀ» መስመሮች ሁሉ እንዳለቁ ወዲያው፣ ከ«ሐ» በፊት ነው።

ምልክት፦ ሰዓት አለ፣ ሰው የለም

ታደሰን የሚጫወቱት አዛውንት ሌላ ሥራ ስላላቸው የሚቆዩት 40 ደቂቃ ብቻ ነው። ወይም ጭራሽ አልመጡም። በጠቅላላው ዝርዝር ላይ የሳቸው መስመር ጥቂት ስለሆነ ማንም አላስተዋለም። ስለዚህ ዝርዝሩን በተዋናይም ለዩት። «ሀ» ያለው ሰው፣ አንድ መስመር ብቻ ቢኖረውም፣ ቀድሞ ይቀረጻል።

ካልመጡ ደግሞ ምትክ መስመር ከቤት ተዘጋጅቶ መምጣት አለበት። ለ60 ምትክ የሚሆነው ይህ ነው፦ «ዳዊት! የባንክ ሰዎች ቤቱን ፎቶ ሲያነሱ አብረሃቸው ነበርክ። አባባ ታደሰ ነግረውኛል።» ይህ አንድ መስመር ከ14 እስከ 17 ያሉትን ይሸፍናል፤ የምትናገረውም ስቱዲዮ ያለችው ሰናይት ናት። የሚያስከፍለው አለ፤ አድማጭ ከሰናይት ጋር ቀድሞ መጠርጠሩ ይቀራል። ስለዚህ ምትኩን ቅረጹት፣ የሚገባው ግን ታደሰ ከጠፉ ብቻ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ቆሞ ምትክ መጻፍ ግን አይመከርም፤ በችኮላ የተጻፈ መስመር ሁለት ሰዎች የሚያውቁትን ነገር እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ያደርጋቸዋል።

ምልክት፦ በኋላ የተቀረጹት መስመሮች ከሌላው ጋር አይገጥሙም

የቀሩትን በሌላ ቀን ስትቀርጹ ድምፁ የሌላ ክፍል ይመስላል። የማይኩ ርቀት ተለውጧል፣ ወይም የመጀመሪያው ቀን የባዶ ክፍል ድምፅ አልተቀዳም። ብዙ ሰው ይህን የሚቀዳው መጨረሻ ላይ ነው፤ የተቋረጠ ቀረጻ ግን መጨረሻ የለውም። ሁሉም ሰው ቦታውን እንደያዘ፣ ከመጀመሪያው መስመር በፊት፣ 30 ሰከንድ ዝምታ ቅዱ። ማይኩንና የተዋናዩን አቋም በስልክ ፎቶ አንሱ።

ሰዓቱ ሲቆም ከስቱዲዮ ሳትወጡ ያልተቀረጹትን መስመሮች ከነቁጥራቸው፣ ከነደረጃቸውና ከተዋናዩ ስም ጋር ጻፉ። ከተጻፉት ውስጥ «ሀ» ካለ፣ ተዋናዩ ጫማውን ሳያስር እዚያው ቀጠሮ ያዙ። «ለ» እና «ሐ» ብቻ ከሆኑ ኤዲተሩ ሥራውን ዛሬ ማታ መጀመር ይችላል።