የኢንሹራንስዎን ኢኦቢ መስመር በመስመር እንዴት እንደሚያነቡ

አሜሪካ ውስጥ ታክመው ከተመለሱ በኋላ ኢንሹራንስዎ «ኤክስፕላኔሽን ኦፍ ቤኔፊትስ»፣ በአጭሩ ኢኦቢ የሚባል ወረቀት ይልክልዎታል። ቢል ስላልሆነ እሱን አይተው ገንዘብ አይላኩ። ግን አይጣሉትም፤ ሐኪም ቤቱ የሚልከው ቢል ልክ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በእሱ ነው።

መጀመሪያ የታካሚውን ስም፣ የሕክምናውን ቀንና ያከመውን ተቋም ያረጋግጡ። ለአንድ ምርመራ ሁለት ኢኦቢ ሊመጣ ይችላል። ለምሳሌ ኤምአርአይ ሲነሱ ተቋሙ ለማሽኑ፣ ምስሉን ያነበበው ሐኪም ደግሞ ለንባቡ ለየብቻ ሊያስከፍሉ ይችላሉ።

ቀጥሎ ወደ ሰንጠረዡ ይለፉ። ከኢንሹራንስዎ ጋር ውል ባለው፣ ማለትም «ኢን ኔትወርክ» በሆነ ተቋም የጉልበት ኤምአርአይ ተነሡ እንበል። «አማውንት ቢልድ» የሚለው 1,800 ዶላር ይላል። ይህ ተቋሙ የጠየቀው ዋጋ ነው፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፣ ግን የእርስዎ ዕዳ የሚሰላው ከዚህ አይደለም።

የሚሰላው «አላውድ አማውንት» ከሚለው ነው፤ እሱም 700 ዶላር ነው እንበል። ኢንሹራንሱና ተቋሙ በውል የተስማሙበት ዋጋ ይህ ነው። የቀረው 1,100 ዶላር «ዲስካውንት» ተብሎ ይሰረዛል፤ ማንም አይከፍለውም።

አሁን የእርስዎ ድርሻ። ዲዳክተብል ማለት ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በዓመቱ እርስዎ ራስዎ የሚከፍሉት ገንዘብ ነው፤ ከእሱ ያልከፈሉት 300 ዶላር ቀርቶ ከነበረ፣ መጀመሪያ እሱ ይነሣል። ከ700 የሚተርፈው 400 ነው። ከዚህ ከተረፈው እርስዎ የሚከፍሉት መቶኛ፣ ማለትም ኮኢንሹራንስዎ፣ 20 በመቶ ከሆነ 80 ዶላር ይጨመራል። ድርሻዎ 380፣ ኢንሹራንሱ የከፈለው 320 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 700 መምጣት አለባቸው፤ ካልመጡ «ኖት ከቨርድ» የሚለውን ዓምድና ከግርጌ ያለውን የኮድ ማብራሪያ ይዩ። ኢንሹራንሱ ያልሸፈነው ነገር ካለ ምክንያቱ እዚያ ተጽፏል፤ አንዳንዴ የጎደለው ሐኪም ቤቱ ያልላከው አንድ ሰነድ ብቻ ነው።

ቢሉ ሲደርስ ከ380ው ጋር ያስተያዩት። 1,480 የሚል ከሆነ ስሕተቱ የት እንዳለ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፦ ከ1,800 ላይ ኢንሹራንሱ የከፈለውን 320 ቀንሰው ዲስካውንቱን ረስተዋል ማለት ነው። ሳይከፍሉ ለቢሊንግ ክፍሉ ይደውሉና የኢኦቢውን የክሌም ቁጥር ሰጥተው እንዲያስተካክሉ ይጠይቁ። በምርመራው ዕለት እንግዳ መቀበያው ላይ የከፈሉት ካለም ከ380ው ይቀነስልዎት፤ ኢኦቢው ያንን ክፍያ ላያሳይ ስለሚችል ደረሰኙን ይያዙ።

ተቋሙ ከኔትወርክ ውጭ ከሆነ ግን ውል ስለሌለ እሱ በጠየቀውና ኢንሹራንሱ በተቀበለው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችላል። በፈረንጆች ከጥር 2022 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ በአብዛኛው የድንገተኛ ሕክምና ላይ ይህን ከልክሏል፤ የምድር አምቡላንስ ግን በዚህ ሕግ አልተካተተም።