«ገና ነው» የሚል የዱቤ ደንበኛ፦ ችግሩ ከመጀመሪያው ደረሰኝ ይጀምራል

ምልክቱ፦ ኮምቦልቻ ላይ ለአንድ ሆቴል የጽዳት ዕቃ በዱቤ አስረክባችኋል። ደረሰኙ ላይ «ዱቤ፣ 30 ቀን» ብላችሁ ጽፋችኋል። ቀኑ ሞልቷል ብላችሁ ስትደውሉ የፋይናንስ ሠራተኛዋ «ገና ነው» ትላለች። ስትናገርም ከልቧ ነው።

በእኔ ሱቅ የሆነው ይኸው ነበር። የ18,400 ብር ዕቃ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. አስረከብኩ፤ በእኔ ቆጠራ ጥቅምት 20 ይሞላል። ደረሰኙ ግን ግምጃ ቤት ቆይቶ ፋይናንስ ክፍል የደረሰው መስከረም 29 ነው፤ እነሱም 30ውን ቀን ከዚያ ጀምረው ቆጠሩ። ዘጠኝ ቀን ተራራቅን። ማናችንም አላጭበረበርንም፤ ደረሰኙ ቆጠራው ከየት እንደሚጀምር አይናገርም ነበር።

መንስኤው ይህ መሆኑን ለማወቅ «መቼ ትከፍላላችሁ?» አትበሉ። «ደረሰኙ መቼ ደረሳችሁ? ከየትኛው ቀን ነው የምትቆጥሩት?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰጧችሁ ቀን ከርክክቡ ቀን ከተለየ ነገሩ ተገኘ። ቀኑ አንድ ሆኖ ገንዘቡ ካልመጣ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ የደረሰኝ ጽሑፍ አያድነውም።

መፍትሄው የቀን ብዛት ትቶ የመክፈያውን ቀን ራሱን መጻፍ ነው፦

«የዕቃው ርክክብ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ተፈጽሟል። ሙሉ ክፍያው እስከ ሐሙስ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ከታች በተጻፈው የባንክ ሒሳብ ይገባል።»

«በወሩ መጨረሻ» የሚለውንም ተዉት። ሒሳቡን በፈረንጅ አቆጣጠር የሚይዝ ድርጅት ካጋጠማችሁ የእሱ ኦክቶበር 31 በእኛ ጥቅምት 21 ነው፤ እናንተ ግን ጥቅምት 30ን ትጠብቃላችሁ። ለእንዲህ ያለ ደንበኛ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ጻፉ። ጳጉሜንም አትርሱ፦ በ2018 ነሐሴ 20 የተሰጠ የ30 ቀን ዱቤ የሚሞላው መስከረም 15 ነው እንጂ መስከረም 20 አይደለም።

መስመሩን ደረሰኙ ከጥራዙ ሳይገነጠል ጻፉት፤ በካርቦኑ ቅጂው ላይም ያርፋል። ዋናው ከወጣ በኋላ የተጨመረ ጽሑፍ በእናንተ ቅጂ ላይ ስለማይኖር ክርክር ሲነሳ የምታሳዩት ታጣላችሁ።

የተረካቢው ፊርማ የግምጃ ቤቱ ሰው ብቻ ከሆነ ደግሞ የሚከፍለው ክፍል ቀኑን አላየውም ማለት ነው። እኔ አሁን ዕቃውን ካስረከብኩ በኋላ ደረሰኙን ራሴ ፋይናንስ ድረስ አደርሳለሁ፤ በቅጂዬ ላይ ስምና የደረሰበትን ቀን አስጽፌ አስፈርማለሁ። ከደሴ ወርዶ የሚያስረክብ ነጋዴ ይህን ለሹፌሩ አስቀድሞ ቢነግረው ሌላ ምልልስ ይቀርለታል።

ያ ሆቴል በሁለተኛው ዙር ደረሰኙ ላይ በተጻፈው ቀን ከፈለ።