የክስ ቻርጅ ሲነበብ የሚሳሳቱት ነገር፦ ክሱን፣ ፍሬ ነገሩንና ቅጣቱን ለይቶ ማውጣት

ከዚህ በታች ያለው የክስ ቻርጁን ሙሉ ቅጂ በእጁ ለያዘና የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አጠገቡ ላስቀመጠ ሰው ነው። በስልክ ፎቶ ተነስቶ የመጨረሻው ገጽ የተቆረጠ ቻርጅ ይዞ መጀመር ከንቱ ድካም ነው። አማራጭ ክሱና የማስረጃ ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ ያሉት እዚያው ገጽ ላይ ነውና።

እያንዳንዱን ችግር የምናየው ለማሳያ በተዘጋጀ በአንድ ቻርጅ ላይ ነው። ሁለት ተከሳሾች አሉት።

1ኛ ክስ፣ በ1ኛ ተከሳሽ ላይ ብቻ፦ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 27(1) እና 540 በመተላለፍ። ዝርዝሩ እንዲህ ይላል፦ ተከሳሹ ሰው ለመግደል በማሰብ፣ ከምሽቱ በግምት 2፡30 ሰዓት ሲሆን፣ ከግል ተበዳይ ጋር በተፈጠረ ጠብ ምክንያት ሆዱን በጩቤ አንድ ጊዜ የወጋው በመሆኑና ተበዳዩ በሕክምና ርዳታ ሕይወቱ በመትረፉ፣ በፈጸመው የግድያ ሙከራ ወንጀል ተከሷል። በአማራጭ፦ አንቀጽ 555(ሀ)ን በመተላለፍ።

2ኛ ክስ፣ በ1ኛ እና በ2ኛ ተከሳሾች ላይ፦ አንቀጽ 32(1)(ሀ) እና 556(2)(ሀ)ን በመተላለፍ። ተከሳሾቹ ሊገላግል የመጣን ሌላ ሰው በዱላ በመምታት የአካል ጉዳት አድርሰውበታል።

ምልክት፦ «አምስት ክስ ተከፍቶበታል» ይባላል

ይህ ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ስህተት ነው። ቻርጁን ያየ ዘመድ 27፣ 540፣ 555፣ 32 እና 556 የሚሉትን ቁጥሮች ይቆጥርና አምስት ወንጀል ነው ይላል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቅጣት ይገመታል፣ ይደመራል፣ ቤተሰቡ ይደነግጣል። የ2ኛ ተከሳሽ እናት ልጃቸው በመግደል ሙከራ የተከሰሰ መስሏቸው ይቀመጣሉ፤ 1ኛው ክስ ግን እሱን አይመለከተውም።

ምክንያቱ የአንቀጾቹ ሥራ አለመለየቱ ነው። የወንጀል ሕጉ ከአንቀጽ 1 እስከ 237 ያለው ጠቅላላ ክፍል ነው። እዚያ ያለ አንቀጽ ብቻውን ወንጀል አያቋቁምም፤ ወንጀሉ እስከምን እንደደረሰ፣ ማን በምን ዓይነት ተሳትፎ እንደሚጠየቅ፣ ቅጣቱ እንዴት እንደሚወሰን ይናገራል። ወንጀሎቹ ራሳቸው የሚጀምሩት ከ238 ነው። ስለዚህ በቻርጁ ላይ ከ238 በታች የሆነ ቁጥር ሲያዩ «ይህ ተቀጽላ ነው፤ ከየትኛው ወንጀል ጋር ነው የተያያዘው?» ብለው ይጠይቁ። 27(1) ድርጊቱ ሙከራ ላይ መቅረቱን ይነግረናል። 32(1)(ሀ) ተከሳሹ ወንጀሉን በቀጥታ የፈጸመ ዋና አድራጊ ነው የተባለ መሆኑን ይነግረናል። ብዙ ቻርጆች ላይ ተከሳሾች ከአንድ በላይ በሆኑ ቁጥር 32 ይገባል፤ የተጨመረ ወንጀል አይደለም።

መፍትሄው ቁጥሮቹን መቁጠር ትቶ «1ኛ ክስ»፣ «2ኛ ክስ» የሚሉትን ርዕሶች መቁጠር ነው። አንድ ወረቀት በአምስት ዓምድ ይስመሩ፦ የክሱ ቁጥር፣ በየትኛው ተከሳሽ ላይ እንደሆነ፣ ወንጀሉን የሚደነግገው አንቀጽ፣ ተቀጽላው፣ ቅጣቱ። በእኛ ማሳያ ውጤቱ ሁለት ክስ ነው። 1ኛ ተከሳሽ ሁለት ክስ አለበት፣ አንደኛው አማራጭ ያለው። 2ኛ ተከሳሽ አንድ ክስ ብቻ አለበት፤ እሱም ቀላል የአካል ጉዳት ነው። «በማን ላይ» የሚለውን ዓምድ በፍጹም አይዝለሉ። በብዙ ተከሳሾች መዝገብ ላይ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው እዚያ ነው።

አማራጭ ክስንም እንደ ተጨማሪ ክስ አይቁጠሩ። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 113 ዐቃቤ ሕግ የተፈጸመው ወንጀል የትኛው እንደሆነ ሲያጠራጥረው በአማራጭ እንዲከስ ይፈቅድለታል። ጥፋተኛ የሚባለው በአንዱ ነው፤ የ540 እና የ555 ቅጣት በአንድ ላይ አይደመርም። አማራጭ ባይጻፍ እንኳን በ113(2) መሠረት ፍርድ ቤቱ ማስረጃው ባሳየው በቀለለ ወንጀል ጥፋተኛ ማለት ይችላል። የግድያ ሙከራ ተብሎ የተከፈተ ክስ በከባድ የአካል ጉዳት የሚቋጨው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ 540 ብቻ ተጽፎ ቢያዩም በወረቀትዎ ዳር 555ን ያስፍሩ።

ምልክት፦ ታሪኩ ተነቧል፣ ግን ዐቃቤ ሕግ ምን ማስረዳት እንዳለበት አይታወቅም

የ«ወንጀሉ ዝርዝር» አንቀጽ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ስለሆነ እንደ ወሬ ይነበባል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 111 እና 112 የሚጠይቁት ግን ሌላ ነው፦ ወንጀሉንና የተቋቋመባቸውን ነጥቦች፣ ጊዜውንና ቦታውን፣ ተበዳዩን ወይም ንብረቱን፣ የተጣሰውን ሕግና አንቀጽ። አገላለጹም በተቻለ መጠን የሕጉን ቃል እንዲከተል ይጠበቃል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 ደግሞ ወንጀል የሚባለው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች አንድ ላይ ሲሟሉ ነው ይላል።

ስለዚህ ከሕጉ ይጀምሩ፣ ከታሪኩ አይጀምሩ። የአንቀጹን ጽሑፍ ቆራርጠው በአንድ ጎን ይጻፉ፤ በሌላው ጎን ከቻርጁ ለእያንዳንዱ ቁራጭ የሚመልሰውን ሐረግ ቃል በቃል ይገልብጡ። ለ1ኛው ክስ የሚወጡት ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ የመግደል ሐሳብ። ሁለተኛ፣ በቀጥታ ወደ መግደል የሚያደርስ ድርጊት መጀመሩ። ሦስተኛ፣ ውጤቱ አለመድረሱ። ሁለተኛው «ሆዱን በጩቤ የወጋው» በሚለው ተመልሷል። ሦስተኛው «ሕይወቱ በመትረፉ» በሚለው ተመልሷል። አንደኛው አጠገብ የሚገለበጠው «ለመግደል በማሰብ» የሚል ብቻ ነው፤ ይህም ድምዳሜ እንጂ ፍሬ ነገር አይደለም።

ጠንቅቀው ማየት ያለብዎት እዚህ ላይ ነው። የመግደል ሐሳብን ማንም በዓይኑ አያየውም፤ ከመሣሪያው፣ ከተመታው የአካል ክፍል፣ ከምቱ ብዛት፣ ከተነገረ ዛቻ፣ ተከሳሹ ለምን እንዳቆመ ከሚያሳየው ሁኔታ ይወሰዳል። በማሳያችን ጩቤውና ሆድ መሆኑ ለዐቃቤ ሕግ ይጠቅማሉ። አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑና የቆመው በራሱ ይሁን ተይዞ አለመገለጹ ደግሞ ለተከላካይ ወገን ክፍት ቦታ ናቸው። 555(ሀ) ሲመጣ የመግደል ሐሳብ ይወጣና በቦታው «ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ጉዳት» ይገባል። ያኔ ክርክሩ የሚዞረው በሕክምና ማስረጃው ላይ ነው። ማስረጃው «ቁስሉ አንጀት ደርሷል» ይላል ወይስ «የቆዳ መቀደድ» ብቻ? የማስረጃ ዝርዝሩን ከፍሬ ነገሩ ጎን ሳያስቀምጡ ቻርጅ አንብቤአለሁ ማለት አይቻልም።

በ2ኛው ክስ ላይ የሚያስቆጣ ግድየለሽነት አለ፦ «ተከሳሾቹ … በመምታት»። ማን በዱላ መታ? ማን ያዘ? ማን ቆሞ ነበር? 556(2)(ሀ) የሚከብደው ጉዳት ሊያደርስ በሚችል መሣሪያ በመጠቀሙ ነው። 32(1)(ሀ) ደግሞ እያንዳንዱ ተከሳሽ በቀጥታ አድርጓል ይላል። የ2ኛ ተከሳሽ የራሱ ድርጊት በቻርጁ ላይ የለም። ይህ ዓይነት ከሌላ መዝገብ ተገልብጦ ስም ብቻ የተቀየረበት ዝርዝር በየችሎቱ ይታያል፤ ለሰው ነፃነት የሚጻፍ ወረቀት እንዲህ መጻፍ አልነበረበትም። በወረቀትዎ ላይ ለእያንዳንዱ ተከሳሽ የተለየ መስመር ይስጡ፤ ባዶ የቀረው መስመር ወዲያውኑ ይታያል።

ምልክት፦ የቅጣቱ ጫፍ አይገኝም

ቻርጁ ቅጣት አይጽፍም፤ ከሕጉ ማውጣት የአንባቢው ሥራ ነው። 540 ግልጽ ነው፦ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። ሙከራ ስለሆነ መነሻው ይኸው ቅጣት ሆኖ፣ በ27(3) ፍርድ ቤቱ ሁኔታውን አይቶ ሊያቀልል ይችላል። «ሙከራ ስለሆነ በግማሽ ይቀነሳል» የሚባለው በሕጉ ውስጥ የለም።

555 ግን በአንድ በኩል ክፍት ነው። ከ15 ዓመት የማይበልጥ ጽኑ እስራት ወይም ከ1 ዓመት የማያንስ ቀላል እስራት ይላል። የጎደሉትን ጫፎች የሚሞሉት 106 እና 108 ናቸው። ጽኑ እስራት በመደበኛው ከ1 እስከ 25 ዓመት ነው። ቀላል እስራት ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ሲሆን፣ ሕጉ ለይቶ ሲፈቅድ እስከ 5 ይደርሳል። ስለዚህ 555 ሲሞላ ከ1 እስከ 15 ዓመት ጽኑ፣ ወይም ከ1 እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ይሆናል። 556(2) ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ነው።

እነዚህ ጫፎች ለዋስትናም ወሳኝ ናቸው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ዋስትናን ለመፍቀድ ወይም ለመዝጋት የሚያየው ወንጀሉ በሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ መሆን አለመሆኑንና ተበዳዩ ሊሞት የሚችል መሆን አለመሆኑን ነው። 2ኛ ተከሳሽ ከዚህ ጣሪያ በጣም ርቆ ነው ያለው።

የንዑስ አንቀጽ ቁጥርን በግምት አያንብቡ። በቸልተኝነት ሰው በመግደል በሚቀርብ የሹፌሮች ክስ ላይ 543(2) ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ነው። 543(3) ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር ነው። ልዩነቱ በፎቶ ኮፒ ላይ የደበዘዘች አንዲት አኃዝ ናት። (3) ከሆነ ዝርዝሩ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው መሞቱን፣ ወይም ተከሳሹ አውቆ የጣሰውን ግልጽ ደንብ የመሰለ የሚያከብድ ምክንያት ሊጠቅስ ይገባል፤ ካልጠቀሰ ክሱ ከአንቀጹ ጋር አልተገናኘም።

ምልክት፦ አንቀጹ ሲገለጥ የማይገናኝ ነገር ይወጣል

ሁለት ምክንያት አለው። ወይ የያዙት የ1949ኙ ሕግ ነው፤ እዚያ ግድያ በ522 እና 523 ነበር። ወይ ክሱ በአዋጅ ነው፤ ለምሳሌ የሙስና ወንጀሎች በአዋጅ ቁጥር 881/2007 ነው የሚቀጡት። የቻርጁን አንቀጽ ብቻ ሳይሆን የሕጉን ስምና ዓመት አብረው ይገልብጡ።

ምልክት፦ ቻርጁ ላይ ስህተት ተገኝቷል

የተበዳይ ስም አንድ ፊደል ወይም የቀበሌ ቁጥር ቢሳሳት ብዙም አያስኬድም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 118 ስህተቱ ዋጋ የሚኖረው መሠረታዊ ነጥብ ላይ ሆኖ ተከሳሹን ያሳሳተ ከሆነ ነው ይላል። የተከሳሹ ድርጊት አለመገለጹ፣ ቀኑ ተከሳሹ ሌላ ቦታ ነበርኩ እንዳይል በሚያደርግ ሁኔታ ሰፊ መሆኑ፣ አንቀጹና ዝርዝሩ መጣረሳቸው ግን ይህን ያሟላሉ። መቃወሚያው የሚነሳው ክሱ ተነቦ የእምነት ክህደት ቃል ከመሰጠቱ በፊት ነው። ያንን ቀን በዝምታ ማሳለፍ አደገኛ ነው። መቃወሚያው ተቀባይነት ሲያገኝ በ119 ክሱ እንዲሻሻል ሊታዘዝ ይችላል፤ የተሻሻለውን ቻርጅ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው መስመር ያንብቡት፤ ሲሻሻል አንቀጹም አብሮ ሊቀየር ይችላልና።