እናት ለልጅ ስትሸጥ፦ ሒሳብ ሲጠቃለል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰኔ 30 አልፎ ሐምሌ ሲገባ ሜክሲኮና ለገሀር ባሉት ፎቆች ላይ የፋይናንስ ክፍል መብራት ቶሎ አይጠፋም። የእናትና የልጅ ኩባንያ ሒሳብ የሚያጠቃልሉት ደግሞ ከሁሉም ያመሻሉ። ሁለቱን ትራያል ባላንስ ኤክሴል ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ መደመር ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው ሁለቱ እርስ በርስ ሲሻሻጡ ነው።

በአንድ ምሳሌ እንሂድ። እናትየው ሴራሚክ አስመጪ ናት፣ ቢሮዋ ሜክሲኮ። ልጅቷ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሱቅ ያላት ቸርቻሪ ናት። እናትየው ከልጅቷ አክሲዮን 80 በመቶውን ይዛለች፣ 20 በመቶው የሌሎች ሰዎች ነው። አንድ ካርቶን ለእናትየው 800 ብር ይፈጃል፣ ለልጅቷ በ1,000 ትሸጥላታለች፣ ልጅቷ ለደንበኛ በ1,300 ትሸጣለች። ሴራሚክ በዚህ ዋጋ የት ይገኛል እንዳትሉኝ፣ ስሌቱ እንዲቀል ነው። በዓመቱ 10,000 ካርቶን ከእናት ወደ ልጅ ሄደ። ልጅቷ 7,000 ሸጠች፣ ሰኔ 30 ላይ 3,000 ቀራት። ዋጋው ሁሉ ከቫት በፊት ነው።

ያልተሸጠውን ያህል ሽያጭ ብቻ መሰረዝ

በብዛት የማየው ይሄን ነው። «7,000 ካርቶኑ ለውጭ ደንበኛ ተሸጧል፣ ስለዚህ እሱ እውነተኛ ሽያጭ ነው፣ የሚሰረዘው የ3,000ው ብቻ ነው» ይባላል። ሲሰሙት ትክክል ይመስላል፤ አይደለም።

እስቲ እንደምረው። እናትየው 10 ሚሊዮን ብር ሸጣለች። ልጅቷ 9.1 ሚሊዮን። ድምሩ 19.1 ሚሊዮን ነው። ግን ከግሩፑ ውጭ ያለ ሰው የከፈለው ስንት ነው? 9.1 ሚሊዮን ብቻ። ስለዚህ የሚሰረዘው 10 ሚሊዮኑ በሙሉ ነው፣ ሴራሚኩ ይሸጥ አይሸጥ ለውጥ የለውም። 3 ሚሊዮን ብቻ የሰረዘ ሰው 16.1 ሚሊዮን ሽያጭ ያሳያል፣ ያም ማለት ሰባቱ ሚሊዮን ሁለቴ ተቆጥሯል።

መዝገቡ እንዲህ ነው፤ ሽያጭ ዴቢት 10,000,000፣ የተሸጡ ዕቃዎች ወጪ ክሬዲት 10,000,000። ይሄ መዝገብ ትርፉን በአንድ ሳንቲም እንኳ አይነካውም፣ ለዚህም ነው ብዙ ሰው ችላ የሚለው። ባንክ ብድር ሊሰጥ ሲያስብ ግን የሚያየው አንዱ ነገር የሽያጩ መጠን ነው፣ የትርፍ ምጣኔውም ከዚያው ነው የሚሰላው።

እዚህ ላይ ማቆምም ሌላ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ትርፉ ገና አልተነካም። እናትየው 2 ሚሊዮን፣ ልጅቷ 2.1 ሚሊዮን አትርፈዋል፣ ድምሩ 4.1 ሚሊዮን። ከዚህ ውስጥ መጋዘን የተኛው 3,000 ካርቶን ላይ የተያዘው ትርፍ ገና አልተጨበጠም። ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ የዞረ ዕቃ ነው። በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ እናትየው 200 ብር ጨምራለች፣ ስለዚህ 600,000 ብር ይወጣል። የተሸጡ ዕቃዎች ወጪ ዴቢት 600,000፣ የዕቃ ክምችት ክሬዲት 600,000።

አሁን አጣሩት። የግሩፑ ወጪ መሆን ያለበት 7,000 ካርቶን በ800 ብር፣ 5.6 ሚሊዮን ነው። ከመዝገቡስ? የእናት 8 ሚሊዮን፣ የልጅ 7 ሚሊዮን፣ ሲደመር 15፤ 10 ሲቀነስ 5፤ 600,000 ሲጨመር 5.6። ክምችቱም 2.4 ሚሊዮን ሆነ፣ 3,000 ካርቶን በ800 ማለት ነው። ትርፉ 3.5 ሚሊዮን። ዕቃው በካርቶን የሚቆጠር ከሆነ ይህን ማጣሪያ ሁሌም ሥሩት፤ የተሳሳተ መዝገብ በዚህ አያልፍም።

25 በመቶና 20 በመቶን ማምታታት

እናትየው 800 ላይ 200 ስትጨምር 25 በመቶ ጨመረች ይባላል። ያው 200 ብር ከመሸጫው ከ1,000 ሲታይ ግን 20 በመቶ ነው። የልጅቷ ክምችት የተመዘገበው በ1,000 ሒሳብ ስለሆነ የሚባዛው በ20 በመቶ ነው። የሽያጭ ክፍሉን «ስንት ጨምራችሁ ነው የምትሸጡላቸው?» ብላችሁ ስትጠይቁ «25 በመቶ» ይሏችኋል፤ 3 ሚሊዮኑን በቀጥታ በዚያ ካባዛችሁት 750,000 ይመጣል፣ 150,000 ብር ያለአግባብ ተቀነሰ ማለት ነው። የተነገራችሁ በወጪው ላይ የተጨመረው ከሆነ 25ን ለ125 አካፍሉ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ትንሽ ወጥመድ አለ። ልጅቷ ከመጋዘን እስከ ሱቅ ላለው ጭነት ለባለ መኪና በካርቶን 20 ብር ከፍላ ክምችቷ ላይ ብትደምረው፣ መዝገቧ ላይ 3,060,000 ይታያል። 20 በመቶውን በዚህ ላይ ካሰላችሁ 612,000 ይሆናል። የመኪናው ኪራይ ለውጭ ሰው የተከፈለ እውነተኛ ወጪ ነው፣ ትርፍ የለበትም፣ ክምችቱ ውስጥ ይቆይ። የሚሰላው ከእናትየው በተገዛበት ዋጋ ላይ ብቻ ነው።

መንገድ ላይ ያለውን ዕቃ መርሳት

ምሳሌውን ትንሽ እናወሳስበው። ከ3,000ው ካርቶን ውስጥ 1,000ው ሰኔ 30 ማታ ተጭኖ ሐምሌ 1 ጠዋት ሱቅ ደረሰ። እናትየው ስትጭን ደረሰኝ ቆርጣ ሽያጭ መዘገበች፤ ልጅቷ የመዘገበችው ዕቃው ሲገባላት ነው፣ በአዲሱ ዓመት። የሱቁ ቆጠራ 2,000 ካርቶን ነው የሚያሳየው። ቆጠራውን ብቻ ያየ ሰው ያልተጨበጠውን ትርፍ 400,000 አድርጎ ይወጣል። ቀሪው 200,000 ደግሞ እናትየው ትርፍ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ይሄ ስህተት ራሱን የሚያጋልጠው በተሰብሳቢና ተከፋይ ሒሳብ ነው። እናትየው ከልጅቷ 1,150,000 ብር እጠብቃለሁ ትላለች፣ ልጅቷ ጋ ግን ያ ዕዳ የለም። ልዩነቱን «ሰስፔንስ» ውስጥ ጨምሮ ማለፍ የተለመደ ነው፣ አታድርጉት። መጀመሪያ በማጠቃለያው ላይ ልጅቷ ዕቃውን እንደተቀበለች ቁጠሩት፤ ክምችት 1,000,000 እና ግብዓት ቫት 150,000 ዴቢት፣ ተከፋይ 1,150,000 ክሬዲት። ከዚያ ተሰብሳቢና ተከፋዩን አጣፉ፣ ትርፉንም በ3,000 ካርቶን አስሉ።

ቫቱን ልብ በሉት። ዕዳው የሚጣፋው ከነቫቱ ነው፣ ሽያጩ የሚሰረዘው ግን ያለ ቫት ነው። 15 በመቶው ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ጋር ያለ ጉዳይ ስለሆነ እርስ በርስ በመሻሻጥ አይጠፋም።

«80 በመቶ ነው የያዝነው፣ 80 በመቶውን እንሰርዝ»

አይሆንም። አይኤፍአርኤስ 10 በግሩፑ ውስጥ የተደረገ ግብይትም ሆነ በክምችት ውስጥ ያለ ትርፍ በሙሉ እንዲሰረዝ ነው የሚለው። 480,000 ሳይሆን 600,000። የባለቤትነት ድርሻ የሚገባው ሌላ ጥያቄ ላይ ነው፤ የተሰረዘው ትርፍ ከማን ድርሻ ይቀነስ የሚለው ላይ።

መልሱ ሻጩ ማን እንደሆነ ያያል። በእኛ ምሳሌ የሸጠችው እናትየው ናት፣ ትርፉም በእሷ መዝገብ ነው የገባው፣ ስለዚህ በተለመደው አሠራር ቅናሹ ሙሉ በሙሉ የእናትየው ባለአክሲዮኖች ነው። ልጅቷ አምራች ሆና ለእናትየው ብትሸጥ ኖሮ ግን ትርፉ የልጅቷ ስለሆነ 120,000ው ከ20 በመቶ ባለድርሻዎች፣ 480,000ው ከእናትየው ይቀነስ ነበር። የሚሰረዘው ጠቅላላ ብር በሁለቱም አንድ ነው። ኤክሴላችሁ ላይ «ሻጭ ማን ነው?» የምትል አንዲት ዓምድ ጨምሩ፣ ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች።

ግብሩን እንዳለ መተው

እናትየው በ2 ሚሊዮኗ ላይ 30 በመቶ ግብር አስልታለች፣ 600,000ውም ውስጡ አለ። ግብር ሰብሳቢው የሚያየው የየድርጅቱን የግብር ማስታወቂያ ነው፣ የእናንተ ማጠቃለያ አይመለከተውም። በግሩፑ ዓይን ግን ትርፉ ገና አልመጣም፣ ግብሩ 180,000 ብር ቀድሞ ሄዷል። ስለዚህ የዲፈርድ ታክስ ንብረት ዴቢት 180,000፣ የግብር ወጪ ክሬዲት 180,000። አይኤኤስ 12 የሚጠቀመው የገዢውን የግብር ምጣኔ ነው፤ ሁለቱም 30 በመቶ ከሆኑ ልዩነቱ አይታይም፣ ልጅቷ ውጭ አገር ያለች ከሆነች ግን ይታያል።

በሚቀጥለው ዓመት መርሳት

ከሁሉም የሚያስቸግረው ይሄ ነው። እስካሁን የጻፍናቸው መዝገቦች ማጠቃለያው ላይ እንጂ የእናትየውም የልጅቷም ፒችትሪ ውስጥ የሉም፣ መኖርም የለባቸውም። አዲሱ ዓመት ሲከፈት የልጅቷ መነሻ ክምችት አሁንም በ1,000 ነው፣ የእናትየው የተጠራቀመ ትርፍም 600,000ውን ይዞ ነው የሚመጣው። አምና የሠራችሁት ሥራ ያለው የአምናው ፋይል ውስጥ ብቻ ነው፤ ፋይሉን የሠራው ሰው ሥራ ለቆ ከሄደ ደግሞ እሱም ላይገኝ ይችላል።

ልጅቷ 3,000ውን ካርቶን በአዲሱ ዓመት በ1,300 ሸጠች እንበል። በእሷ መዝገብ ትርፏ 900,000 ነው። ለግሩፑ ግን ዕቃው የፈጀው 800 ስለሆነ ትርፉ 1.5 ሚሊዮን ነው። ልዩነቱ ያው አምና የያዝነው 600,000 ነው፣ ዘንድሮ ተጨበጠ። መዝገቡ፤ የመነሻ የተጠራቀመ ትርፍ ዴቢት 420,000፣ የግብር ወጪ ዴቢት 180,000፣ የተሸጡ ዕቃዎች ወጪ ክሬዲት 600,000። ግብሩም ይገጥማል፤ ልጅቷ በ900,000 ላይ 270,000 ትከፍላለች፣ 180,000 ሲጨመር 450,000፣ የ1.5 ሚሊዮን 30 በመቶ።

ይህን የረሳ ሰው እንዴት ይታወቃል? አምና በታተመው ማጠቃለያ ላይ ያለውን መዝጊያ የተጠራቀመ ትርፍ ዘንድሮ ከተደመረው መነሻ ጋር አስተያዩ። ሌላው ሁሉ በትክክል ከተሠራና ልዩነቱ 420,000 ከሆነ ይሄ መዝገብ ነው የቀረው። 600,000 ከሆነ ደግሞ አምናም ዲፈርድ ታክሱ አልተሠራም ነበር ማለት ነው።